ማለዳ ሲነሣ ብቻ ነጭ ጭስ የሚያወጣ የናፍጣ ሞተር፦ ቴስታታው ይከፈት ወይስ ይቆይ?

የጎዛምን ሰው (ደብረ ማርቆስ)

የምጠይቃችሁ ስለ አንድ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ነው። ሞተሩ ቱርቦ የሌለው 5ኤል የናፍጣ ሞተር ሲሆን፣ መኪናው የሚያድረው ጣሪያ በሌለው ግቢ ውስጥ ነው። ከኅዳር ወዲህ ማለዳ የሚነሣው ሞተሪኖው ብዙ ከዞረ በኋላ ነው፤ ከተነሣም በኋላ እየተንቀጠቀጠ ግቢውን የሚሞላ ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል። ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ያልተቃጠለ ናፍጣም ይሸታል። አራት አምስት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ መንቀጥቀጡም ጭሱም አብረው ይጠፋሉ፤ ከዚያም እስከ ማታ ድረስ ስንት ጊዜ ቢጠፋና ቢነሣ ጭስ የሚባል ነገር አይታይበትም። ጉልበቱ አልቀነሰም። የራዲያተሩ ውኃም ሆነ የሞተሩ ዘይት በዓይን በሚታይ መጠን አልጎደለም።

ሁለት ጋራዥ አሳይቼዋለሁ። የመጀመሪያው መካኒክ ነጭ ጭስ ማለት ውኃ ነው፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ስለተበላ ይከፈት አለኝ። ሁለተኛው ኮምፕሬሽን ለክቶ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲሊንደር በቅደም ተከተል 21፣ 20፣ 21 እና 16 ባር ካገኘ በኋላ፣ መመሪያው ከ20 ባር በታች ስለማይፈቅድ ሞተሩ መታደስ አለበት አለ። የማሞቂያ ካንዴላዎቹንም ለክቶ ሁሉም ደህና ናቸው ብሎኛል። የሁለቱም ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ አንዱን ከመምረጤ በፊት የምታውቁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብትሰጡኝ እወዳለሁ።

የዳሞት መካኒክ (ፍኖተ ሰላም)

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ባለሙያ የነገረዎት ትክክል ይመስለኛል። የጭስን ቀለም መለየት ከባድ ነገር አይደለም፤ ጥቁር ከሆነ ናፍጣ በዝቷል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ ውኃ ወደ ሲሊንደር ገብቷል። ሌሊት ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ውኃው በጓርኒሲዮኑ በኩል ጥቂት በጥቂት ይንጠባጠብና ማለዳ ሲነሣ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ቴስታታውን ከፍቶ ማየት ሞተሩን አይጎዳውም፤ መዘግየት ግን ይጎዳዋል።

ፖምፓ ቤት (ባሕር ዳር)

የዳሞት መካኒክ ስለ ጥቁሩና ስለ ሰማያዊው የተናገረው በአብዛኛው ያስኬዳል፤ ስለ ነጩ የተናገረው ግን ግማሽ መልስ ነው። ከናፍጣ ሞተር የሚወጣ ነጭ ጭስ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል። አንደኛው የውኃ እንፋሎት ነው። ሁለተኛውና ማለዳ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው፣ ያልነደደ ናፍጣ ነው፤ ይህም ወደ ሲሊንደር ከተረጨ በኋላ በሙቀት ማነስ ምክንያት ሳይቀጣጠል ተንኖ፣ ማርሚታው ውስጥና ውጭው አየር ላይ እንደገና ወደ ደቃቅ ጠብታ የተቀየረ ናፍጣ ነው።

የሁለቱ ጠባይ አንድ ዓይነት አይደለም። እንፋሎት ከማርሚታው ጫፍ ጥቂት ሜትር ሳይርቅ አየር ውስጥ ይጠፋል፤ ሽታም የለውም፤ ራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ያለበት ከሆነ ግን ጣፈጥ ያለ ሽታ ይኖረዋል። ያልነደደ ናፍጣ ግን መሬት ለመሬት እየተሳበ ግቢው ውስጥ ይቆያል፤ ዓይንና ጉሮሮ ይቆጠቁጣል፤ ማርሚታው አፍ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥቂት ሰከንድ ቢይዙበትም ናፍጣ የሚሸት ቅባታም እርጥበት ይተውበታል። እርስዎ ራስዎ የጻፉት «ዓይን ይቆጠቁጣል፣ ናፍጣ ይሸታል» የሚለው ቃል ከሁለቱ መካከል የትኛው እንደሆነ ይናገራል።

የ5ኤል ሞተር ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ አይረጭም፤ በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው የሚረጨው። የዚያች ክፍል ግድግዳ ሲቀዘቅዝ የታመቀውን አየር ሙቀት ፈጥኖ ይመጥጠዋል። ስለዚህ ይህ ዓይነቱ ሞተር በቀዝቃዛ ማለዳ ያለ ማሞቂያ ካንዴላ በደንብ አይነሣም፤ ከአራቱ ካንዴላዎች ሁለቱ ከሞቱም ሞተሩ በቀሩት ሁለት ሲሊንደሮች ይነሣና፣ ሌሎቹ ሁለቱ ብረታቸው እስኪሞቅ ድረስ የተረጨላቸውን ናፍጣ ሳያነዱ በማርሚታ ይልኩታል። መንቀጥቀጡና ነጩ ጭስ አብረው መጥተው አብረው መጥፋታቸው ይህንን ነው የሚመስለው።

ካንዴላዎቹ ተለክተው ደህና ናቸው መባላቸውን አይቻለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ መካኒኩ ሲለካ አራቱን የሚያገናኘውን የብረት ዘንግ ፈትቶት ነበር? ዘንጉ ሳይፈታ ከተለካ መለኪያው የሚያየው አራቱንም በአንድነት ነው፤ አንድ ደህና ካንዴላ ብቻ ቢኖር እንኳ የሞቱትን ሦስቱን ደህና አስመስሎ ያሳያል። በዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው የማሞቂያ መብራትም ማስረጃ አትሆንም፤ የምትበራውና የምትጠፋው በሰዓት ቆጣሪ እንጂ ካንዴላው መጋሉን አይታ አይደለም።

የበረሃው ሹፌር (ደጀን)

የእኔ አይሱዙ ደግሞ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ፣ በተለይ ጭነት ሲኖረው፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና መንገዱን እስከማያይ ድረስ ያጨሳል። ሜዳ ላይ ምንም የለበትም። የእኔም የማሞቂያ ካንዴላ ይሆን? ካንዴላ መቀየሩ ጭሱን የሚያቆመው ከሆነ ዛሬውኑ አስቀይረዋለሁ።

ፖምፓ ቤት (ባሕር ዳር)

ወንድሜ፣ የእርስዎ ጭስ ቀለሙ ጥቁር አይደለም? ሞተር ሞቆና ጭነት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ የሚወጣ ጭስ ከካንዴላ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ካንዴላ ሥራው የሚያበቃው ሞተሩ ከተነሣ ጥቂት ቆይቶ ነው። ጥቁር ጭስ ጥላሸት ነው። ናፍጣው ተቀጣጥሏል፤ ነገር ግን ነድዶ እንዲያልቅ የሚበቃው አየር አላገኘም። በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጥተው ይመልከቱ፤ የበረሃው አቧራ ማጣሪያ ፈጥኖ ይደፍናል። ሞተሩ ቱርቦ ካለው ደግሞ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያሉት ጎማዎች በየማሰሪያቸው እንዳልተቀደዱ ያረጋግጡ። ከዚያ ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ ጉልበት ይጨምር ተብሎ የፖምፓው የናፍጣ መጠን ማስተካከያ ብሎን ተነክቶ እንደሆነ ነው። ከፍ ወዳለ ቦታ በወጡ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ ተራ ፖምፓ የሚልከው ናፍጣ ግን ያው ስለሆነ፣ ድልድዩ ላይ የማያጨስ ሞተር ደጀን አፋፍ ላይ ቢያጨስ አያስገርምም።

ባለ ወፍጮዋ (ቢቸና)

ጥያቄው ስለ መኪና መሆኑን አይቻለሁ፤ ነገር ግን የእኔም ወፍጮ የሚሠራው በናፍጣ ሞተር ስለሆነ ልጠይቅ። ሞተሩ ጠዋት ሲነሣ ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ከሞቀም በኋላ አይተውም፤ እህሉ ሲበዛበት እንዲያውም ይጨምራል። ዘይት በየሳምንቱ እጨምርበታለሁ። ሽታው እንደ ናፍጣ አይደለም፤ የተቃጠለ ቅባት ይመስላል። ይህስ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው ማለት ነው?

የቴክኒክ መምህር (ዳንግላ)

እህቴ፣ ያንቺ ጭስ ነጭ መስሎ ይታያል እንጂ ሰማያዊ ነው ብዬ እገምታለሁ። ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ብሩህ ሰማይን ተደግፎ ሲታይ ነጭ ይመስላል፤ ጥላ ያለበትን ጥቁር ግድግዳ ወይም የዛፍ ጥላ ከኋላው አድርገሽ ብታዪው ሰማያዊነቱ ይወጣል። ይሁን እንጂ በቀለሙ ከመከራከር ይልቅ የጻፍሻቸው ሌሎች ነገሮች ይበልጥ ያሳምናሉ፦ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም አለመጥፋቱ፣ ሽታው የተቃጠለ ቅባት መሆኑና ከሁሉም በላይ ዘይቱ በየሳምንቱ መጉደሉ። ዘይት የሚጎድል ከሆነና ከሥር የማያንጠባጥብ ከሆነ፣ የሚሄደው በማርሚታ ብቻ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ሞተሩ እየሠራ ክፈቺው፤ ጭስ በግፊት ትግ ትግ እያለ የሚወጣ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ማለት ነው። ይህ ካልታየ ደግሞ የቫልቭ ዘይት መከላከያ ጎማ ያለው ሞተር መሆኑን አስጠይቂና እሱን አስቀይሪ። ዘይቱን ከምልክቱ በላይ የምትሞዪውም ከሆነ ትርፉ እንዲሁ ይነዳል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ ፖምፓ ቤት ስለ ካንዴላው የጻፉትን እጋራለሁ። እኔ የምጨምረው ሁለተኛው መካኒክ ስለለካው ኮምፕሬሽን ነው፤ ሞተሩ አለቀ የተባለው በዚያ ቁጥር ነውና። መመሪያው የሚሰጠው ቁጥር ከባሕር ጠለል አጠገብ ላለ አየር የተሰላ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚያምቀው የሳበውን አየር በመሆኑ፣ በሩብ ያነሰ አየር ከሳበ መለኪያው ላይም ሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል። እንግዲህ ለአዲስ ሞተር የሚጠበቀው 32 ባር አካባቢ በደብረ ማርቆስ 24 ይሆናል፤ ዝቅተኛው 20 ባርም 15 ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ስሌት 21፣ 20 እና 21 የተመዘገቡት ሦስት ሲሊንደሮች ወደ ባሕር ጠለል ሲመለሱ 27 እና 28 ናቸው፤ ብዙ ላገለገለ ሞተር እጅግ ደህና ናቸው። አራተኛው ደግሞ 21 ይሆናል፤ ከዝቅተኛው ወሰን አልወረደም፣ ነገር ግን ከጓደኞቹ ወደኋላ ቀርቷል። ሲሊንደር ከሲሊንደር የሚፈቀደው ልዩነት 5 ባር አካባቢ ሲሆን በዚህ ከፍታ 4 ያህል ስለሚሆን፣ የእርስዎ የ5 ባር ልዩነት ከወሰኑ አልፏል። ስለዚህ ሞተሩ አልቋል የሚለው ከቁጥሩ አይወጣም፤ አራተኛው ሲሊንደር ይመርመር የሚለው ግን ይወጣል።

የዳሞት መካኒክ (ፍኖተ ሰላም)

መምህር፣ ስሌቱን አልቃወምም፤ የእኔ ነጥብ ግን አልተመለሰም። አንድ ሃይሉክስ ላይ ቴስታታው በሁለቱ ቫልቮች መካከል ተሰንጥቆ አግኝቻለሁ። ያም መኪና የሚያጨሰው ማለዳ ብቻ ነበር፤ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሲሞቅም ይተወው ነበር። ውኃው የሚጎድለው በጣም ቀስ ብሎ ስለነበር ባለቤቱ ውኃ አይጎድልም ይል ነበር። ይህን እንዴት ነው በጭሱ ሽታ ብቻ የምንለየው?

ፖምፓ ቤት (ባሕር ዳር)

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ እኔም አልክድም። ሌሊት በራዲያተሩ ውስጥ በቀረው ግፊት ምክንያት ጥቂት ውኃ ወደ አንድ ሲሊንደር ሊገባና ማለዳ መንቀጥቀጥና ጭስ ሊያመጣ ይችላል። ነገር ግን ቴስታታ ሳይከፈት የሚታወቅበት መንገድ አለ። ማታ ሞተሩ ሞቆ እንደጠፋ የራዲያተሩ ክዳን አይነካ። ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ አራቱም ካንዴላዎች ይፈቱ፤ ናፍጣ የሚዘጋው የፖምፓው የኤሌክትሪክ ገመድ ይነቀል፤ ከዚያ ሰው ከካንዴላው ቀዳዳ ፊት ዞር ብሎ ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንድ ይዙር። ውኃ ገብቶ ከሆነ ከአንደኛው ቀዳዳ ሲረጭ ይታያል። ካንዴላዎቹ ለመለካት መውጣታቸው ስለማይቀር ይህ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ሌላው ምልክት ደግሞ፣ ቀዝቃዛ ሞተር በተነሣ በአንድ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ውኃው ገና ሳይሞቅ የላይኛው የራዲያተር ጎማ የሚጠነክር ከሆነ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውኃው እየገባ ነው ማለት ነው።

የጎዛምን ሰው፣ እንግዲህ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢያስጠብቁ ጥሩ ነው። ለማለዳው ሙከራ ካንዴላዎቹ በቀላሉ እንዲወጡ ማታ ሞተሩ ለብ እንዳለ ላልተው መልሰው ይጥበቁ፤ ጥላሸት የያዘው ጫፍ በቀዝቃዛው በኃይል ሲፈታ ተቆርጦ ውስጥ ይቀራል፤ እሱን ለማውጣት ደግሞ ያን ጊዜ በእርግጥም ቴስታታ ይከፈታል። መጀመሪያ ግን ሳይፈቱ፣ ማገናኛው ዘንግ ብቻ ተነሥቶ እያንዳንዱ ካንዴላ ከራሱ ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት ድረስ በመለኪያ ይለካ። ደህናው 1 ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል፤ የሞተው ጨርሶ አያነብም። መለኪያ ካልተገኘ ከባትሪው ፖዘቲቭ በአነስተኛ የመኪና አምፖል በኩል የመጣ ሽቦ ጫፉ ላይ ሲነካ አምፖሉ ከበራ ካንዴላው አልተቆረጠም ማለት ነው። ቀጥሎም ቁልፉ ማሞቂያ ላይ ሲሆን ዘንጉ ላይ ከባትሪው የተቀራረበ ቮልት መድረሱ ይታይ፤ የማይደርስ ከሆነ ጥፋቱ የሪሌው ነው። አዲስ ካንዴላ ሲገዙ ቮልቱ አካሉ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከሚያወጡት ጋር ያስተያዩት፤ ዝቅተኛ ቮልት የተጻፈበት በዚህ ቢገባ ፈጥኖ ይቃጠላል።

የበረሃው ሹፌር (ደጀን)

የአየር ማጣሪያዬን አውጥቼ ሳራግፈው ከላዩ የወረደው አቧራ ጆንያ ይሞላል ማለት ይቻላል። በአዲስ ቀይሬዋለሁ፤ ጭሱ ቀንሷል፣ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ብሎኑን ማን እንደነካው አላውቅም፤ መኪናውን ስገዛው እንዲሁ ነበር። ለማንኛውም የእኔን እዚህ ላይ ልተወው፤ ጠያቂው የጠየቁት ሌላ ነው።

አንድ ነገር ግን ልበል፤ እንዲህ ያለ ነጭ ጭስ የናፍጣው ጥፋት ሊሆን አይችልም? ናፍጣ ውስጥ ውኃ ሲገባ የእኔም መኪና ማለዳ ነጭ አጭሶ ያውቃል።

የቴክኒክ መምህር (ዳንግላ)

ሊሆን ይችላል፤ ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለውን የውኃ ማፍሰሻ ከፍቶ በጠርሙስ ውስጥ ማየት ስለሚበቃ ይህን አስቀድሞ መመልከት አይከፋም። ነገር ግን የናፍጣው ጥፋት ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ይረብሸው ነበር፤ ጠያቂው ግን ቀኑን ሙሉ ደህና ነው ብለዋል። አየር የሚስብ መስመርም ማለዳ ያስቸግራል። ይህን ለማወቅ ሞተሩ ሳይነሣ በፊት ማጣሪያው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር መጫን ነው፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ፈጥኖ የሚነሣና የማያጨስ ከሆነ ነገሩ ከካንዴላ ወደ መስመር ይዞራል።

በነገራችን ላይ ፖምፓ ቤት፣ ከፍታው ራሱ ነጭ ጭስ ያመጣል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። አየር ሲታመቅ የሚደርስበት ሙቀት የሚወሰነው በምን ያህል እጥፍ በመታመቁና ሲገባ በነበረው ሙቀት ነው እንጂ በመጀመሪያ ግፊቱ አይደለም። ስለዚህ ማርቆስ ላይ የሚያጨሰው ስለቀዘቀዘ ነው እንጂ ከፍ ስላለች አይደለም።

ፖምፓ ቤት (ባሕር ዳር)

መምህር፣ ሙቀት በማያስወጣ ሲሊንደር ውስጥ የሚሉት ልክ ነው። ይሁን እንጂ በሞተሪኖ የሚዞር ሞተር ዝግ ብሎ ስለሚዞር ሙቀቱ ወደ ግድግዳው ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል፤ አየሩ ሲያንስ ደግሞ የያዘው ሙቀትም ያንሳል፣ ስለዚህ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ከዚህም ሌላ ናፍጣ ከተረጨ በኋላ እስኪቀጣጠል የሚወስደው ጊዜ ግፊቱ ሲቀንስ ይረዝማል። እኔ በቆላ አካባቢ ደህና የነበሩ መኪኖች ወደ ደጋ ተዛውረው ሲያጨሱ አያለሁ፤ ከፍታውንና ብርዱን ለይቼ ግን አላውቅም፣ ሁልጊዜ አብረው ስለሚመጡ። የጊሼ ዓባይንና የጮቄን ማለዳ የሚያውቅ ሰው ብርዱን አይክድም።

የቴክኒክ መምህር (ዳንግላ)

ሁለቱን ለይተን ካላየን የእርስዎ ምልከታ ለእርስዎም ለእኔም አይመሰክርም። ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የጎዛምን ሰው (ደብረ ማርቆስ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በተባለው መሠረት ሌላ መካኒክ ጋር ሄጄ አሠርቻለሁ፤ የተገኘው እንዲህ ነው።

ማገናኛው ዘንግ ሳይነሣ ሲለካ አራቱም አንድ ዓይነት ደህና ቁጥር ሰጡ። ዘንጉ ከተነሣ በኋላ ግን የሁለተኛውና የአራተኛው ሲሊንደር ካንዴላዎች ምንም አላነበቡም፤ አንደኛውና ሦስተኛው 1 ኦም አካባቢ ሰጡ። ዘንጉ ላይ የሚደርሰው ቮልት ደህና ነው። ማለዳ ላይ ካንዴላዎቹ ወጥተው ሞተሪኖው ሲዞር ከየትኛውም ቀዳዳ ውኃ አልወጣም። ከማጣሪያው ሥር የወረደው ናፍጣም ውኃ የለበትም። የእጅ ፖምፓው ለውጥ አላመጣም።

አራቱም ካንዴላዎች በአዲስ ተቀየሩ። አሁን ማለዳ ሞተሪኖው ትንሽ ዞሮ ይነሣል፤ የሚንቀጠቀጠው ጥቂት ሰከንድ ነው። ጭሱ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀጭን ነጭ ጭስ ይወጣል። ኮምፕሬሽኑም እንደገና ተለካ፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ ሞቆ ነው፣ ባትሪውም ሙሉ ነበር። የመጀመሪያው ልኬት የተወሰደው በቀዝቃዛ ሞተርና በደከመ ባትሪ እንደነበር የለካውን ልጅ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አሁን የተገኘው 23፣ 22፣ 23 እና 19 ነው። የአራተኛው ካንዴላ ጫፍ ከሌሎቹ የተለየ ጥቁርና እርጥብ ነበር። ቀጥሎ ምን ላድርግ?

የዳሞት መካኒክ (ፍኖተ ሰላም)

ከቀዳዳው ውኃ ካልወጣ ጓርኒሲዮኑን እኔም እተወዋለሁ። አራተኛው ሲሊንደር ግን አሁንም ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነው፤ ቫልቩ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ቢሆን ከፍቼ አስሞርደው ነበር።

ፖምፓ ቤት (ባሕር ዳር)

ከመክፈቱ በፊት ሁለት ነገር ይቀራል። አንደኛ፣ ጫፉ ጥቁርና እርጥብ ሆኖ የተገኘው አራተኛው ካንዴላ የዚያው ሲሊንደር ኖዝል በደቃቁ ከመርጨት ይልቅ እያንጠባጠበ እንደሆነ ያስጠረጥራል። አራቱም ኖዝሎች ወጥተው በመፈተሻ ላይ ይታዩ፤ የሚከፍቱበት ግፊት ወደ 150 ባር መሆን አለበት፤ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተይዞ ሲቆይም አፉ መርጠብ የለበትም። ሲመለሱ ከሥር ያሉት የመዳብ ማሸጊያዎች በአዲስ ይቀየሩ።

ሁለተኛ፣ አራተኛው ሲሊንደር ላይ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ ኮምፕሬሽኑን እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ዘልሎ ከሌሎቹ ጋር የሚስተካከል ከሆነ ፋሻው ነው፤ ባለበት የሚቆይ ከሆነ ቫልቩ ነው። ዘይቱ ግን በጣም ጥቂት ይሁን፤ ያቺ ትንሽ ክፍል ብዙ ዘይት ከያዘች ቁጥሩን በውሸት ከፍ ታደርገዋለች። ቫልቩ ከሆነም ወዲያውኑ ወደ ሞረድ አይሂዱ። በዚህ ሞተር ላይ ቫልቩ በጊዜ ብዛት ወደ መቀመጫው እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። የላይኛው ክዳን ብቻ ተከፍቶ ክፍተቱ ይለካ፤ ጠብቦ ከተገኘ ቀጫጭኖቹን ማስተካከያ ብረቶች በመቀየር ይመለሳል፤ ቴስታታው ከቦታው አይነሣም።

የቴክኒክ መምህር (ዳንግላ)

ከ23 እስከ 19 ያለው የ4 ባር ልዩነት በደብረ ማርቆስ ከፍታ ልክ ወሰኑ ላይ ያለ ነው። እኔ ብሆን የኖዝሉን ምርመራ አስቀድማለሁ፤ የቫልቩን ክፍተት ከዚያ በኋላ አደርገዋለሁ። አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፦ የታይሚንግ ቺንጊያው በቅርብ ጊዜ ተቀይሯል? የፖምፓው ጥርስ በአንድ ወደኋላ ተይዞ ከሆነ ናፍጣው ዘግይቶ ስለሚረጭ ነጭ ጭስ ያመጣል።

የጎዛምን ሰው (ደብረ ማርቆስ)

ቺንጊያው የተቀየረው መኪናው ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ መቼ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት የለም።

ፖምፓ ቤት (ባሕር ዳር)

አንድ ጥርስ ቢዘገይ ኖሮ ሞቆም ያጨስና ጉልበቱ ይቀንስ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ጉልበቱ ደህና ነው ብለዋል፤ ስለዚህ ያን ያህል አልጠረጥረውም። ነገር ግን ዕድሜው ያልታወቀ ቺንጊያ በ5ኤል ላይ ሲበጠስ ቫልቮቹን ከፒስተን ጋር ስለሚያጋጫቸው፣ የጭሱ ጉዳይ ቢቀር እንኳ ለዚህ ሲባል በአዲስ ይተካ። ሲቀየርም የሦስቱ ምልክቶች፣ የክራንኩ፣ የካምሻፍቱና የፖምፓው፣ በፎቶግራፍ ይያዙ፤ ምልክቶቹ የተሳሳቱ ሆነው ከተገኙ ያን ጊዜ የመምህሩን ጥያቄ እንመልሳለን።

ቺንጊያው እስኪቀየር ድረስ አንድ ነገር በነጻ መሞከር ይችላሉ። ሞተሩ ማለዳ ተነሥቶ ያቺን ቀጭን ጭስ እያወጣ ሳለ፣ መካኒኩ ወደ አራተኛው ኖዝል የሚሄደውን የናፍጣ ቧንቧ ነት ጥቂት ያላላ። የሞተሩ ድምፅ ሳይለወጥ ጭሱ ከቀነሰ ናፍጣውን ሳያነድድ የሚያወጣው አራተኛው ነው፤ ድምፁ የሚሰበር ከሆነ ግን አራተኛው እየሠራ ስለሆነ ሌሎቹን በየተራ ይሞክር። ይህ የሚደረገው እንዲህ ባለ አሮጌ ሜካኒካል ፖምፓ ላይ ብቻ ነው። ኮመን ሬይል ባለው አዲስ ሞተር ላይ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ፣ እየሠራ ሳለ ነት የሚያላላ ሰው ናፍጣ ቆዳውን በስቶ ይገባል። የኖዝሉ ውጤት ሲመጣ የእያንዳንዱን የመክፈቻ ግፊት እዚሁ ይጻፉልን።